«በስተቀር» የምትባል ቃል ጠላቴ ናት

«ማንበብ አትችይም እንዴ?»

ዛሬ ጠዋት የምሠራበት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ጋሼ ስድስት ሰው ፊት ያሉኝ ይሄንን ነው። አንዱ ሲሚንቶ ሊጠይቅ የመጣ ሰውዬ ደግሞ ሳቀ። አንተን ምን አሳቀህ?

ነገሩ የመጣው በዲቫይደር ነው። ደንበኛው ከ9 ቀን በፊት ገዝቶታል፣ ደረሰኝ አለው፣ አይሠራም። ካርቶኑን ከፍቶታል። ሳይከፍተው እንደማይሠራ በህልሙ ሊያይ ነው? እኔም እንደ ደንቡ ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጋሼን ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ። እናንተም አንብቡልኝ እስቲ፦

«ደንበኛው ደረሰኝ ካለውና ዕቃው ካልተከፈተ በ7 ቀን ውስጥ ብሩ ይመለስለታል፤ ከ7 ቀን ካለፈ ግን ይቀየርለታል፤ ብልሽት ያለበት ከሆነ በስተቀር የተከፈተ አንቀበልም፤ የተቆረጠ ሽቦና የተቀላቀለ ቀለም አይመለስም፤ የምናውቀው ደንበኛ ከሆነ ይታያል።»

በሉ፣ ዲቫይደሩን ምን ላድርገው? ብልሽት አለበት፣ ስለዚህ እቀበላለሁ። ተቀብዬስ? ብር ልመልስ ወይስ ልቀይር? አይልም! ሰውዬው ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ይጠብቃል፣ እኔ ሦስተኛ ጊዜ አነባለሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ቃል ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። እዚያ እስክደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። ደሞ «ከተከፈተ» እና «ካልተከፈተ» በጥድፊያ ሲነበቡ መንታ ናቸው። ባለፈው ወር በዚችው «ል» ምክንያት የተከፈተ የሻወር ራስ ተቀብዬ ከደሞዜ ተቆርጧል። አልረሳሁትም ጋሼ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ይደረግ?» ስላቸው ነው እንግዲህ «ተጽፎልሽ የለ? ማንበብ አትችይም እንዴ?» ያሉኝ። ከዚያ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «በቃ ቀይሪለት» አሉና ሻይ ሊጠጡ ወጡ። የጻፉት እኮ ራሳቸው ናቸው!

ምሳዬን ትቼ የካሬ ደብተር አወጣሁ። ወረቀቱ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ ደረሰኝ አለ? 7 ቀን አልፏል? ተከፍቷል? ተበላሽቷል? እያንዳንዱ አዎ ወይም አይ ነው፣ ስለዚህ 16 ዓይነት ደንበኛ ሊመጣ ይችላል። 16 ረድፍ አሰመርኩና ከጎኑ መልሱን ከወረቀቱ እየፈለግሁ ሞላሁ። ስንቱ ባዶ ቀረ? ስምንቱ! ግማሹ! ያለ ደረሰኝ እንደታሸገ ለሚመጣ ሰው መልስ የለም። ተከፍቶ ለተበላሸም የለም። ለሁለት ዓመት የተሰደብኩት ባልተጻፈ ነገር ነው ማለት ነው።

ጋሼ ሲመለሱ ባዶዎቹን አሳየኋቸው። «ያለ ደረሰኝማ አልቀበልም፣ ይሄም ይጠየቃል?» አሉ። አዎ ይጠየቃል! እሷን ከላይ ሳደርጋት ብቻዋን ስምንት ረድፍ ዋጠችልኝ። ደረሰኝ ከሌለ ቀኑንም ካርቶኑንም ማየት አያስፈልግማ። «ተከፍቶ የተበላሸስ?» ስላቸው «ይቀየራል፣ ብር የለም» አሉ፣ ቀኑ ስንትም ይሁን። በመጨረሻ ስድስት ረድፍ ቀረ፦

ሽቦ ተቆርጧል ወይም ቀለም ተቀላቅሏል → አትቀበይ
ደረሰኝ የለም → አትቀበይ
ተከፍቷል፣ ይሠራል → አትቀበይ
ተከፍቷል፣ አይሠራም → ቀይሪ
እንደታሸገ ነው፣ እስከ 7 ቀን → ብር መልሺ
እንደታሸገ ነው፣ 8 ቀንና በላይ → ቀይሪ

ከላይ ወደ ታች ትሄጃለሽ፣ የገጠመሽ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ትቆሚያለሽ። «ካልተከፈተ» የለም፣ «እንደታሸገ» ነው። «በስተቀር» ተቀብራለች፣ ነፍስ ይማር። ሰኞ የገባችውን ልጅ ጠርቼ የጠዋቱን ዲቫይደር ነገርኳት። ጣቷን ወደ ታች እየጎተተች አራተኛው ላይ ቆመችና «ቀይሪ ነው የሚለው» አለችኝ። ላቅፋት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተሳካልኝም። «የምናውቀው ደንበኛ» የሚለውን ጋሼ አላስወጣ አሉ። ማን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? ግንባሩ ላይ አልተጻፈ! «ስም ይስጡኝ፣ ከጎኑ ልጻፍ» ብላቸው «እሱን ለኔ ተዪው፣ ደውዪልኝ» አሉ። እሺ፣ ሰባተኛ ረድፍ፣ የትኛውም ረድፍ ላይ ብትቆሚ የሚሠራ፦ ጋሼ ያውቁኛል ካለ → ደውዪ።

11 ሰዓት ላይ አንዱ የተቀላቀለ ቀለም ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ረድፍ ነው፣ አልቀበልም አልኩት። «ጋሼ እኮ በደንብ ያውቁኛል» አለኝ። ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ።

አሁን ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ቀለሙ ካሸር ስር ነው ያለው፣ ሰውዬው ጥሎት ሄዷል። ጠዋት ምን እንደምባል አውቀዋለሁ።