ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሶፋው ላይ

«ልጄ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ሆስፒታል ለብቻው፣ በጀርባው አስተኚው አሉኝ። ለአራስ የመጣችው እናቴ ደግሞ ትን ይለዋል፣ በጎኑ አድርጊው፣ ከጉያሽ አታርቂው ትላለች። አልጋው ውስጥ ሳስቀምጠው ይነቃል፣ አጠገቤ ሲሆን ይተኛል። አልጋዬ ላይ እንዳልተኛበት ስለምፈራ ሌሊት ሳሎን ወጥቼ ሶፋ ላይ ነው የማጠባው። ማንን ልስማ?» (ከሜሪላንድ የደረሰኝ መልእክት)

እህቴ፣ ከሶፋው ልጀምር። ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እኔም እንዳንቺው አደርግ ነበር። አልጋ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል ብዬ ሳሎን ወጥቼ ሶፋ ላይ አጠባታለሁ። አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አንገቴ ተጣሞ ባነንኩ። ልጄ ክንዴ ላይ የለችም። ተንሸራታ በጎኔና በሶፋው መደገፊያ መካከል ገብታለች። ፊቷ ስፖንጁ ውስጥ ተቀብሯል። ሳነሳት አለቀሰች። ያን ለቅሶ እስከዛሬ አልረሳውም። ስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደቆየች አላውቅም።

ያን ሌሊት ጥንቃቄ የጎደለኝ አልነበረም። እንዲያውም ሶፋው ላይ የወጣሁት ስለተጠነቀቅኩ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሕፃን ከአዋቂ ጋር ሶፋ ወይም ለስላሳ ወንበር ላይ ሲተኛ የመሞት አደጋው እስከ 67 እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ይናገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሶፋ መቀመጫ ወደ መደገፊያው ያዘነብላል። ሕፃኑ የሚንሸራተተው ወደዚያ ስንጥቅ ነው። ፊቱ አንዴ ከገባ፣ የሦስት ሳምንት ልጅ አንገቱን አንስቶ የሚያወጣበት ጉልበት የለውም። ይኸው አካዳሚ አብሮ መተኛትን አይመክርም። ሆኖም ስታጠቢ እንቅልፍ ሊወስድሽ ይችላል ብለሽ ከጠረጠርሽ፣ ከሶፋ ይልቅ አልጋ ላይ መሆኑ አደጋው ያነሰ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ይህን ግን ለአራስ እናት አፍ አውጥቶ የሚነግራት ሰው ጥቂት ነው። «አልጋሽ ላይ አታስተኚው» ተብላ ትሸኛለች። ሌሊት የት ሆና እንደምታጠባ የሚጠይቃት የለም። እኔ የምከራከረውም እዚህ ላይ ነው። የሌሊቱ ማጥባት ያልታሰበበት ክልከላ እናቶችን ወደ ሶፋ ይነዳል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። ስታጠቢ አልጋሽ ላይ ሁኚ። ከመጀመርሽ በፊት ትርፍ ትራሱን፣ ብርድ ልብሱንና ጋቢውን ከአካባቢው አንሺ። አልጋሽ ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ ልጁ በግድግዳውና በፍራሹ መካከል እንዳይገባ በዚያ በኩል አታድርጊው። በስልክሽ የ20 ደቂቃ ደወል ሙዪ። አጥብተሽ ስትጨርሺ ወደ ራሱ አልጋ፣ በጀርባው። እንቅልፍ ቢጥልሽም በባነንሽበት ደቂቃ አንስተሽ መልሺው። «እስኪነጋ ትንሽ ነው የቀረው» ብለሽ አትተዪው።

አሁን ወደ እናትሽ ልሂድ። ትን ይለዋል ማለታቸው ከፍቅር ነው፣ ነገሩም ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ጉሮሮን ከውስጥ ብናይ ግን ተቃራኒውን ነው የምናገኘው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ይሆናል። ያገሳው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። ስለዚህ ከሥር ይቀርና ልጁ መልሶ ይውጠዋል ወይም ያስለዋል። በሆዱ ስታስተኚው ይገለበጣል፤ የአየር ቧንቧው ከሥር ሆኖ የመጣውን ይቀበላል። በጎን ማስተኛትም አማካይ መንገድ አይደለም። ሕፃን በጎኑ ጸንቶ አይቆይም፣ ትንሽ ሲንቀሳቀስ በሆዱ ይደፋል። ወተት የሚያስመልሳቸው ልጆችም ቢሆኑ በጀርባቸው ነው የሚተኙት።

በሆዱ ሲተኛ እንቅልፉ ይጠልቃል የሚሉት ግን እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው። ፊቱ ልብስ ላይ የተደፋ ሕፃን ያስወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል። ጤነኛ ልጅ አየር ሲያጥረው ይነቃል፣ ይወራጫል፣ ያለቅሳል። እንቅልፉ የጠለቀ ልጅ ግን ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። የአንቺ ልጅ በጀርባው ሲሆን ቶሎ ቶሎ መንቃቱ ያደክምሻል፣ አውቃለሁ። ያ ቀላል እንቅልፍ ግን ጠባቂው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ «በጀርባ ይተኙ» የሚል ዘመቻ ሲካሄድ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሷል። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም። በዋናነት የተለወጠው አስተኛኘቱ ነው።

ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ይሆናል ካሉሽ፣ መፍትሔው ቀን ላይ ነው። ነቅቶ፣ እናትሽ አጠገቡ ቁጭ ብለው እያዩት፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ በሆዱ አድርጉት። አንገቱም ይጠነክራል።

አልጋውን በተመለከተ መመሪያው አጭር ነው። ጠንካራና ሜዳ የሆነ ፍራሽ፣ ተለጥጦ የተያዘ አንድ አንሶላ፣ ከዚያ በላይ ምንም። ፍራሹን መሃሉ ላይ በመዳፍሽ ጫን አድርጊና ልቀቂው። የእጅሽ ቅርጽ ጎድጉዶ ከቀረ ለሕፃን አይሆንም። አዋቂ የሚወደው፣ ሰውነትን እቅፍ የሚያደርገው ስፖንጅ ለሕፃን የሚያሰጋው በዚህ ነው፤ ጭንቅላቱ ይሰምጣል፣ ሲዞር ፊቱን ጉድጓዱ ይይዘዋል። ቀጥሎ በፍራሹና በአልጋው ጠርዝ መካከል ጣትሽን አስገቢ። ከሁለት ጣት በላይ ከገባ ክፍተቱ ሰፍቷል። ከዘመድ የተሰጠሽ ያገለገለ አልጋ ከሆነ ይህን ሳታዪ አትጠቀሚ። በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረውን ለስላሳ መከላከያም አውጪው። አሜሪካ በ2022 በሕግ ከገበያ አስወጥታዋለች፣ ነገር ግን በስጦታና በአሮጌ ዕቃ አሁንም ይመጣል። አልጋውን ከአልጋሽ እጅሽ በሚደርስበት ርቀት አስጠጊው። አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ ማደር ይመከራል፣ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር። እናትሽ «ከአጠገብሽ አይራቅ» ያሉት ግማሹ ትክክል ነው ማለት ነው።

ብርድ እንዳይመታው ብለው ጋቢ እንደሚደርቡበት እገምታለሁ። ጋቢው ፊቱን ሊሸፍን ይችላል፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። አንቺ ከለበስሽው አንድ ድርብ ብቻ ጨምሪለት፣ ወይም እንደ ከረጢት በዚፕ የሚዘጋውን የመኝታ ልብስ አልብሺው። ቤት ውስጥ ቆቡን አውልቂለት። መሞቁን እጁንና እግሩን ነክተሽ አትለኪ፣ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ናቸው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ንኪ። ካላበው በዝቶበታል።

«እኛ ሁላችሁንም አቅፈን አሳደግን» ይሉሻል። እውነት ነው፣ አሳድገውናል። ግን ያልነቁት ልጆች ዛሬ ቆመው አይመሰክሩም። ሁለት ሴቶች ሰሎሞን ፊት የቆሙበትን ታሪክ አስቢ። ሁላችንም የምናስታውሰው ሰይፉን ነው። ክርክሩ የተነሳው ግን አንዷ ሌሊት ልጇ ላይ ተኝታበት ስለሞተ ነበር። ነገሩ የፈረንጅ ፍርሃት አይደለም፣ ድሮም ይታወቃል። ደግሞም የአያቶቻችን መኝታ ዛሬ የምንተኛበት አይደለም። መደብና ጠፍር አልጋ ላይ የተነጠፈ ቁርበት እንደዛሬው ወፍራም ስፖንጅ አይሰምጥም።

አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። አራት ወር ያልሞላው ልጅ፣ ካለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ በታች የነበረ ልጅ ከአዋቂ ጋር አንድ አልጋ ላይ ሲተኛ የበለጠ ይጎዳል። አልጋው ላይ ያለ ሰው ሲጋራ የሚያጨስ፣ መጠጥ የጠጣ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ ከሆነም እንዲሁ። በቀዶ ሕክምና ወልደሽ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ እየወሰድሽ ከሆነ አንቺም እዚህ ውስጥ ነሽ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻሽን ተኝተሽ አታጥቢ። ባለቤትሽ ወይም እናትሽ ነቅተው አጠገብሽ ይቀመጡና ልጁን ይቀበሉሽ። እናትሽ ራሳቸው አቅፈውት ማደራቸውም አይሆንም።

ኒውዚላንድ ውስጥ የማኦሪ እናቶች እንደኛው ልጆቻቸውን አቅፈው ማደር ይወዳሉ። እዚያ መልስ የሆነው ከቅጠል የተሸመነ ዋሃኩራ የሚባል የሕፃን መኝታ ነው። እናት አልጋዋ ላይ፣ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። ልጁ እጇ የሚደርስበት ቦታ ነው፣ ግን የራሱ ሜዳ መኝታና ጠርዝ አለው። ክልከላና ባህል መሃል መንገድ ሲያገኙ ይህን ይመስላል። ሰፌድና መሶብ የሚሰፋ እጅ ያለው ሕዝብ ይህን ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተመካክሮ ለራሱ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ግን ቤትሽ ውስጥ አንድ ትልቅ ሀብት አለሽ፣ እናትሽ። ሌሊት የማጥቢያው ሰዓት ሲደርስ ይቀስቅሱሽ። አጠገብሽ ቁጭ ብለው አጥሚቱን ይስጡሽ። ስትጨርሺ ልጁን ተቀብለው ያስገሱትና አልጋው ውስጥ በጀርባው ያስተኙት። መጀመሪያ ዳሌውን፣ ቀጥሎ ጀርባውን፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱን ቀስ አድርገው ያሳርፉት። ከዚያ መዳፋቸውን ደረቱ ላይ ትንሽ ያቆዩለት። የእኔ ልጅ መንቃት ያቆመችው እንዲህ ስናደርግላት ነው።