ያልደማ ድድ ጤነኛ ነው ያለው ማነው?

“20 ዓመት አጭሻለሁ፤ ድዴ አንድ ቀን እንኳ ደምቶ አያውቅም። ጭሱን ለሚፈራ ደግሞ የሚታኘክ ትምባሆ አለለት።”

ሰሞኑን በአንድ የውይይት ፕሮግራም ላይ የቀረበ እንግዳ ነው እንዲህ ያለው። አዘጋጁ ሳቀ፤ ወደ ሌላ ጥያቄም ታለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ሰውዬው የጤንነት ማስረጃ አድርጎ የቆጠረው ነገር ራሱ የጉዳቱ ምልክት ነውና።

ድድ ሲታመም ለምን ይደማል? በጥርስና በድድ መሃል ባክቴሪያ ሲከማች ሰውነት ዝም አይልም። ወደ ቦታው ደም ይልካል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ አዳዲሶችም ይበቅላሉ። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲቦረሽ ይደማል። ደስ አይልም፤ ግን ሰውነት እየተከላከለ ነው ማለት ነው።

አጫሽ ላይ ይህ ምላሽ ይዳከማል። ኒኮቲን ትናንሾቹን የደም ሥሮች ያጠባል። ባክቴሪያን መብላት ያለባቸው ነጭ የደም ሴሎችም ሥራቸውን በቅጡ አይሠሩም። ስለዚህ ድዱ ላይ ላዩን ደረቅ ብሎ “ደህና” ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሟሟል። ውሻው ስላልጮኸ ሌባ አልገባም ብሎ መተኛት ማለት ይሄ ነው። አጫሹ ብዙ ጊዜ የሚነቃው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው።

የባሰው ደግሞ ሲያቆም ይመጣል። ካቆመ ከሳምንታት በኋላ ድዱ ከበፊቱ ይበልጥ ሊደማ ይችላል። ሰውዬው ይደነግጣል። “ሳጨስ ምንም አልነበረብኝም፣ ሳቆም ታመምኩ” ይልና ተመልሶ ይለኩሳል። ያየው አዲስ በሽታ አልነበረም። ተደብቆ የኖረው በሽታ ነው መታየት የጀመረው። እንደዚያ እንግዳ ያሉ ሰዎች በቴሌቪዥን የሚያወሩት ለዚህ ድንጋጤ ማገዶ ይሆናል።

እሺ፣ ታከመ እንበል። የጥርስ ሐኪም የድድን ጤንነት የሚያውቀው ደም በማየት ብቻ አይደለም። ሚሊ ሜትር በተጻፈበት ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መሃል ያለውን ኪስ ይለካል። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 6 ሚሊ ሜትር ኪስ ይዘው መጡ እንበል። ሁለቱም በጥልቀት ታጠበላቸው፤ ከሥሩ ላይ የደረቀው ቆሻሻ ተፋቀ። ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ የማያጨሰው 4 ላይ ሊደርስ ይችላል። አጫሹ 5 ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር ምን አላት? ብዙ አላት። 4 ላይ ያለው በጥሩ ቡረሻና በክትትል ይያዛል። 5 ላይ የቀረው ብሩሽ የማይደርስበት ጉድጓድ ነው፤ ቀጣዩ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ያ ቁስል ደግሞ የሚድነው በዚያው በተዳከመው ድድ ነው። ቁስሉን የሚጠግኑት ሴሎች ኒኮቲን ባለበት ከጥርሱ ሥር ጋር በደንብ አይጣበቁም፤ ሥጋን አያይዞ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲንም የሚሠሩት ቀንሰው ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደሙ የሚይዘውን ኦክስጅን ይሻማል።

“የሚታኘክ አለለት” የምትለዋ ምክር ከሁሉም ታናድዳለች። ጭስ የለውም፣ እውነት ነው። ካንሰር አምጪ ነገር ግን አለው። በትምባሆ ውስጥ ያሉት ናይትሮሳሚን የተባሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ለመፈጠር እሳት አይጠብቁም፤ ቅጠሉ ሲደርቅና ሲብላላ ይፈጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጭስ አልባ ትምባሆን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል። አኛኪው ይህን በጉንጩና በድዱ መሃል፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ላይ፣ ወትፎ ይውላል። ድዱ መሸሽ የሚጀምረው እዚያ ነው። ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ምልክት የሚወጣውም እዚያ ነው። ነጩ ሁሉ ካንሰር አይሆንም፤ ትምባሆው ሲቆም የሚጠፋም አለ። ቀይ ከሆነ፣ ከጠነከረ፣ ወይም ቁስሉ ሁለት ሳምንት አልፎት ካልዳነ ግን ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል። “አላመመኝም” የሚለው መከራከሪያም እንደ “አልደማኝም” ያው ነው።

አጫሹ ላይ ደግሞ የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ቦታ ይፈተሽ። መጠጥ ከተጨመረበት አደጋው እየተባዛ ይሄዳል እንጂ በመደመር ብቻ አይቆምም። ያቆመ ሰው የአፍ ካንሰር አደጋው ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ፕሮግራሙ በድጋሚ ይተላለፋል ተብሏል። አዘጋጆቹ እንግዳውን ስለ ደም መጠየቁን ትተው የኪሱን ልኬት ይጠይቁት። ተለክቶ የማያውቅ ከሆነ ያቺን ክፍል ቆርጠው ያውጧት።