ፎርክሊፍቱ ወደ ግራ ሲዞር ጀርባው ወዴት ይሄዳል?

«ስላይዱን አንስተን ጥያቄ ብቻ ከሰጠናቸው፣ ደንቡን መቼ ነው የሚማሩት?» የአዲስ ሠራተኞች የደህንነት ሥልጠና ስላይድ ከማሳየት ይልቅ በጥያቄ ይሰጥ ስለው፣ አንድ የመጋዘን ኃላፊ ነው የጠየቀኝ።

ስህተቱን በሰሩበት ሰዓት ነው የሚማሩት። ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ጥያቄ ላስረዳ።

አዲስ ሠራተኛ ነህ። ዕቃ የጫነ ፓሌት በእጅ እየጎተትክ ነው። ከፊትህ በመተላለፊያው መሀል አንድ ፎርክሊፍት ቆሟል። ፊቱ አንተ ወደምትሄድበት ነው፣ ሞተሩ አልጠፋም። ሹፌሩ ወደ ግራ ሊታጠፍ መሪውን ይዟል። በቀኙ በኩል፣ በእሱና በመደርደሪያው መካከል፣ ለአንተ የሚበቃ ክፍተት አለ። ጫኙ መኪና በር ላይ እየጠበቀህ ነው። ምን ታደርጋለህ?

ሀ. ወደ ግራ ስለሚታጠፍ በቀኙ ቶሎ አልፋለሁ።
ለ. እጄን አውጥቼ እንዲያየኝ ምልክት እሰጥና አልፋለሁ።
ሐ. ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ሹፌሩ አይቶኝ፣ ሹካውን መሬት አውርዶ፣ እለፍ ሲለኝ ብቻ አልፋለሁ።

«ሀ» ሞኝነት አይደለም። መኪና መንገድ ላይ ሲታጠፍ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው ነው። ችግሩ ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው መሆኑ ነው። ፊቱ ወደ ግራ ሲዞር ጀርባው ወደ ቀኝ ይወረወራል። ጀርባው ላይ ደግሞ ለፊቱ ጭነት ሚዛን የሚሆን ከባድ ብረት አለ። 2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ባዶውን ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። ያ ክፍተት በአንዴ ይዘጋል። ሰውየው በብረቱና በመደርደሪያው መካከል ይቀራል።

ስላይዱም ይህንኑ ይላል። «ፎርክሊፍት በኋላ ጎማ ስለሚታጠፍ ርቀት ጠብቅ» የሚል መስመር ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ሰው ያነበዋል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ይፈርማል። ግን ያ ክፍተት ፊቱ ሲመጣ ዐረፍተ ነገሩ ትዝ አይለውም። «ሀ»ን መርጦ የተሳሳተ ሰው ግን ምክንያቱን ራሱ ይጠይቃል። ማብራሪያው የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

«ለ»ን የመረጠ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ነው። እሱ አደጋ መኖሩን አውቋል። የሳተው፣ ምልክት መስጠትና መልስ ማግኘት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ከኋላ ስለመጣ ሹፌሩ ምልክቱን ላያየው ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱም «ተሳስተሃል፣ ትክክሉ ሐ ነው» ብሎ ማለፍ ጥያቄውን ማባከን ነው። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ የራሱ ማብራሪያ ይጻፍለት። ጥያቄ አዘጋጅ ብዙ ሰዓት ማጥፋት ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ነገሩን ትንሽ ቀይረው። ሹፌሩ አይቶሃል፣ እለፍ ብሎሃል፣ ሹካው ግን ጭነት ይዞ ከፍ እንዳለ ነው። አሁንስ? «ሐ»ን በግምት ያገኘ ሰው እዚህ ጋ ይታወቃል። መልሱ አሁንም መቆም ነው። የሹፌሩ ፈቃድ የተነሳ ጭነትን አያወርደውም።

እዚህ ላይ ግን ስክሪን ብቻውን አይበቃም። ሰዎቹን ወደ መጋዘኑ አውጣቸው። መሬቱ ላይ መስመር አስምርና ከመስመሩ ኋላ፣ ከፎርክሊፍቱ በደንብ ርቀው ይቁሙ። «ሀ» ያለው ሰው ሊያልፍበት ያሰበው ቦታ ላይ ባዶ ካርቶን አስቀምጥ። ከዚያ የሰለጠነ ሹፌር ባዶውን ፎርክሊፍት በዝግታ ወደ ግራ ያዙር። ካርቶኑ ሲጨፈለቅ ያየ ሰው ሌላ ማስረዳት አይፈልግም።

ሁሉም ነገር በጥያቄ ይሰጥ እያልኩ አይደለም። የአደጋ ጊዜ መውጫው የት እንደሆነ ማንም አይገምትም። በእግር ወስዶ ማሳየት ነው።

ሌላው ለኃላፊው የነገርኩት ስለ ውጤቱ ነው። ሁሉም ሰው በመጀመሪያ ሙከራ ካገኘው፣ ጥያቄው የሚያሳስት መልስ የለውም ማለት ነው፤ ይቀየር። ከ10 ሰው 7ቱ «ሀ»ን ከመረጡ ደግሞ ሠራተኞቹን ከመውቀስህ በፊት ሄደህ ቦታውን እየው። ምናልባት የእግረኛ መንገድ አልተሰመረም። ምናልባት በየሰዓቱ የሚፈለገው መጠቅለያ ፕላስቲክ የተቀመጠው ከፎርክሊፍቱ መንገድ ማዶ ነው። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ፕላስቲኩን ወዲህ አምጣው።