ደንግጦ ነው?

«ወንድሜ ደንግጦ ነው አእምሮው የተነካው። ጊዜ ሲያልፍ ይለቀዋል አይደል?»

እህቴ፣ እዚህ ላይ ላርምሽ። ድንጋጤ መነሻ ቀኑ ይታወቃል። ደሴ ላይ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ያሸበረው ሰው በር ሲጋጭ ይዘላል፣ ሌሊት ያንኑ ያልማል። ያለፈ ነገር መሆኑን ግን ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜም በቀናት ወይም በሳምንታት ይረግባል።

ሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው ከእውነታው ርቆ የሌለ ድምፅ የሚሰማበት ወይም የሌለ ነገር የሚያምንበት ሕመም፣ ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ መጀመሪያ እንቅልፉ ተዛባ። ከዚያ ቡና ሲጠራ መምጣት ተወ፣ ውጤቱም ወረደ። በአራተኛው ወር ጎረቤቶች ስለሱ የሚያንሾካሹኩ መሰለው። አንድ ቀን እናቱ አቦል ስትቀዳለት «ምን ጨመርሽበት?» አላት። በኋላ ብቻውን ተቀምጦ ለድምፅ ሲመልስ ሰሙት። ቤተሰቡ «የመኪና አደጋ አይቶ ደንግጦ ነው» አለ። አደጋው የሦስት ሳምንት ነገር ነው፤ እንቅልፉ የሄደው ከወራት በፊት!

በድንገት ጀምሮ በወር ውስጥ የሚለቅ ሳይኮሲስም አለ። ግን የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አይለይም። ስለዚህ አትጠብቂ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰጂው። ጠበሉም ዱዓውም ጎን ለጎን ይሁን፤ መድኃኒቱ ብቻ አይቋረጥ። ድምፁ «ራስህን ጉዳ» ካለው ወይም ምግብ እምቢ ካለ ዛሬውኑ ይሂድ።