ኳሱን የማያይ ዳኛ

ሐዋሳ ውስጥ የክፍል ለክፍል ቮሊቦል ሲጀመር ፊሽካው አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት መምህሩ አንገት ላይ ነው። ተማሪ ዳኛ ካለም ቡድን ውስጥ ያልገባ ወይም እግሩን የታመመ ልጅ ይሆናል፤ ባንዲራ ይሰጠውና ጥግ ላይ ይቆማል። አሜሪካ ውስጥ በወጣት ክለቦች ውድድር ነገሩ ሌላ ነው። ተጫውቶ የጨረሰ ቡድን ዕቃውን ሸክፎ አይሄድም፤ ተራው ሲደርስ የሌሎችን ጨዋታ ይዳኛል። ከልጆቹ አንዱ ሁለተኛ ዳኛ፣ ሁለቱ የመስመር ዳኛ፣ ሌሎቹ ነጥብ መዝጋቢ ይሆናሉ። ከፍ ብሎ የሚቆመው አንደኛ ዳኛ ብቻ ብዙ ጊዜ አዋቂ ነው። እርግጥ እዚያም ባንዲራ በአንድ እጅ፣ ስልክ በሌላው እጅ የምትይዝ አትጠፋም። ቢሆንም ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ አብዛኛው ተጫዋች ዳኝነትን ይሞክራል።

ለአገር ቤት መቀዳት ያለበት ይህ ተረኝነት ነው፤ ወጪም የለውም። 9ኛ ሀ እና 9ኛ ሐ ሲጋጠሙ የ10ኛ ክፍል ልጆች ይዳኙ። 9ኛ ለን መመደብ ግን አደጋ አለው፤ ምናልባት የሚቀጥለው ተጋጣሚያቸው ከሁለቱ አሸናፊው ነው።

ሥልጠናው ላይ ሁለቱም አገር የሚሳሳተው በምልክት መጀመሩ ነው። ምልክት በአንድ ከሰዓት ይጠናል። ለክፍል ለክፍል ጨዋታ ሰባት ስምንቱ ይበቃል፦ ኳስ ውስጥ ከሆነ ክንድን ወደ መሬት መዘርጋት፤ ውጭ ከሆነ ሁለቱን ክንዶች፣ መዳፍን ወደ ራስ አዙሮ፣ ወደ ላይ ማጠፍ፤ ነክቶ ከወጣ የቆመ እጅን ጣቶች በሌላው መዳፍ መጥረግ፤ ደጋግሞ ለነካ ሁለት ጣት፣ አራተኛ ንክኪ ሲሆን አራት ጣት፤ ለመረብ ንክኪ ጥፋቱ የተፈጸመበትን የመረብ ጎን ማሳየት። አዲስ ዳኛ የሚያምታታው ቅደም ተከተሉ ነው። አንደኛ ዳኛ ፊሽካ ከነፋ በኋላ መጀመሪያ ሰርቭ የሚያገኘውን ቡድን በክንዱ ይጠቁማል፤ ጥፋቱን የሚያሳየው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ልጆቻችን ከእግር ኳስ የለመዱት ጥፋተኛውን መጠቆም ስለሆነ ይገለብጡታል፤ ነጥብ መዝጋቢውም ለተሳሳተው ቡድን ይጽፋል።

ከባዱ ሥራ ዓይን ማሠልጠን ነው፤ በተለይ የሁለተኛ ዳኛን ዓይን። ሁለተኛ ዳኛ መሬት ላይ፣ ከሜዳው ውጭ፣ ከምሰሶው አጠገብ ከአንደኛው ትይዩ ይቆማል። ሰርቭ ሲመታ በተቀባዩ ቡድን በኩል ሆኖ የተጫዋቾቹን እግር ያያል፤ አሰላለፋቸው የሚፈረደው በእግር ነውና። ኳሱ ከተመታ በኋላ ወደ ምሰሶው ይጠጋል። አንዱ ቡድን ለማጥቃት ሲያነሳ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ተራምዶ ወደ ተከላካዮቹ፣ ማለትም ብሎክ ወደሚዘሉት ጎን ይሻገራል። ኳሱ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። ምሰሶው ላይ ተደግፎ የቆመ ሁለተኛ ዳኛ ካያችሁ ግማሹ ጨዋታ አምልጦታል።

እግሩ ከተስተካከለ በኋላ ዓይኑ ይቀራል። አጥቂው ኳሱን ሲመታ የሰው ዓይን ኳሱን ተከትሎ ይሮጣል። ሁለተኛ ዳኛ ግን እዚያው መረቡ ላይ መቅረት አለበት፤ ብሎክ የዘለሉት እጃቸው መረብ ነካ ወይ፣ ሲያርፉስ እግራቸው ሙሉ በሙሉ የመሃል መስመሩን አለፈ ወይ የሚለውን እስኪጨርስ ድረስ። የእግሩ ከፊል መስመሩን እየነካ ወይም በላዩ እያለ ከሆነ ጥፋት አይደለም፤ ይህን ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ዓይኑን ያነሳ ልጅ ሊፈርድ አይችልም።

ይህን የሚለካ ቀላል ፈተና አለ። በልምምድ ላይ ኳሱ እንዳረፈ መምህሩ ሁለተኛ ዳኛውን «ኳሱ የት ወደቀ?» ብሎ ይጠይቀው። «ከመስመሩ አንድ ስንዝር ውስጥ» ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ከመለሰ ወድቋል፤ ያየው የማይመለከተውን ነው። «ኳሱን አላየሁም፤ ግን መሃል ላይ የዘለለው 7 ቁጥር ሲያርፍ በክርኑ መረቡን ነካ» ካለ አልፏል።

አንድ ሁኔታ እንይ። 9ኛ ሀ 23 ለ 22 ይመራል። አጥቂው ከግራ ክንፍ መታ፤ ኳሱ ከጀርባ መስመሩ ውጭ አረፈ፤ የመስመር ዳኛዋ ባንዲራዋን ቀጥ አድርጋ አነሳች። አንደኛ ዳኛ ነፋና ወዲያው እጁን ወደ 9ኛ ሐ ዘረጋ። 23 ለ 23 ማለት ነው። ሁለተኛ ዳኛው ግን የተከላካዩ ጣት ወደ ኋላ ሲታጠፍ አይቷል። ከዳር «ቲቸር! ነክቷል!» የሚለው ጩኸት ቀለጠ። ትክክለኛው ነጥብ 24 ለ 22 ነበር። እዚህ ላይ የተበላሸው ሕጉን አለማወቅ ሳይሆን ጥድፊያው ነው። አንደኛ ዳኛ ከነፋ በኋላ እጁን ሳያነሳ ሁለቱን የመስመር ዳኞችና ሁለተኛውን ዳኛ በዓይኑ መቃኘት አለበት፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። ሁለተኛውም በብሎክ ንክኪ ላይ ፊሽካ አይነፋም፤ ደረቱ ፊት ለፊት ጣቱን ጠረግ አድርጎ ያሳያል፤ አንደኛው ካልተቀበለው አይከራከርም። ስህተቱ ቀጣዩ ሰርቭ ከመመታቱ በፊት ከታየ አንደኛ ዳኛ ውሳኔውን መቀልበስ ይችላል፤ ይህን ማድረግ እንደ ሽንፈት እንዳይቆጥረው መንገር ያስፈልጋል። የመስመር ዳኛዋ ተሸፍኖባት ካላየች ደግሞ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ ታጣምር። ልጆች ይህን ምልክት ያፍሩበታል፤ በግምት ባንዲራ ማንሳት ይቀላቸዋል።

አገር ቤት ጭቅጭቅ ሲበዛ መፍትሔው «ይደገም» ነው። ሁሉን ያስደሰተ ይመስላል፤ በተግባር ግን ነጥቡን በላቡ ያገኘውን ቡድን መቀማት ነው። «ይደገም» ለማለት ሁለት አውራ ጣቶች የሚነሱት ሁለት ተጋጣሚዎች በአንድ ቅጽበት ሲሳሳቱ፣ ተጫዋች ሲጎዳ ወይም ከጎረቤት ሜዳ ኳስ ተንከባሎ ሲገባ ነው። የኋለኛው በትምህርት ቤት ግቢ ብርቅ አይደለም፤ ዳኛው ግን ኳሱ እንደገባ መንፋት አለበት። ነጥቡ ካለቀ በኋላ «ኳስ ገብቶ ነበር» ማለት አያስኬድም።

የሜዳው ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። የአንደኛ ዳኛ ዓይን ከመረቡ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። የሴቶች መረብ 2.24 ሜትር ነው፤ ዓይኗ ከመሬት 1.50 ሜትር ላይ ያለ ተማሪ ወደ 1.24 ሜትር መቆሚያ ያስፈልጋታል ማለት ነው። 75 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ብትወጣ ዓይኗ ልክ በመረቡ ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ የመረብ ንክኪ አይለይላትም። ወንበር ደራርቦ ከመውጣት ይልቅ የመረብ ንክኪን ለሁለተኛ ዳኛ መተው ይሻላል። አንቴና ከሌለ 1.80 ሜትር ቀጭን ቀርከሃ ከጎን መስመሩ በላይ ታስሮ 80 ሴንቲ ሜትሩ ከመረቡ በላይ ይውጣ። የኖራ መስመር ደግሞ አንድ ዙር ሳይሞላ ይረገጣል፤ በችካል የተወጠረ ገመድ ይቆያል። በአቧራ ሜዳ አንድ ጥቅም አለ፦ ኳሱ አሻራ ይተዋል። የአሜሪካ የእንጨት ወለል ይህን አይሰጥም። የመስመር ዳኞቹ በየዳኛው ቀኝ በኩል ባለው ጥግ፣ ከማዕዘኑ ከ1 እስከ 2 ሜትር ርቀው ከቆሙ አሻራው ሳይረገጥ ይደርሱበታል።

መምህሩስ የት ይቁም? ከሁለተኛ ዳኛው ኋላ፣ ራቅ ብሎ። ከዳር ሆኖ አንዴ «አይ፣ ነጥቡ የነሱ ነው» ካለ፣ ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር የሚዞሩት ወደ እሱ ነው። ማብራሪያ የሚጠይቀው ካፒቴኑ ብቻ፣ የሚጠይቀውም አንደኛ ዳኛውን ነው። የመምህሩ እርማት በዙሮች መካከል ላለው የ3 ደቂቃ ዕረፍት ይቆይ፤ ያኔም ዳኞቹን ለብቻ ጠርቶ።