የዲቫሉዌሽን «አምስት ውጤቶች» ዝርዝር የሚደብቀው

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን የሃንድአውት ገጽ ያውቀዋል። ከላይ «የዲቫሉዌሽን ውጤቶች» ይላል፣ መንግሥት የብርን የምንዛሪ ዋጋ ዝቅ ሲያደርግ የሚከተሉት ማለት ነው። ከሥሩ አምስት መስመር አለ። አንድ፣ የወጪ ንግድ ይጨምራል። ሁለት፣ የገቢ ንግድ ይቀንሳል። ሦስት፣ የዋጋ ንረት ይመጣል። አራት፣ የውጭ ዕዳ በብር ሲሰላ ይከብዳል። አምስት፣ የውጭ ባለሀብት ይሳባል። ተማሪው አምስቱን ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይዘረግፋል፣ አምስት ከአምስት ይዞ ይወጣል።

መስመሮቹን አንድ በአንድ ካየናቸው ብዙም አይከፉም። ጉዱ ያለው በመካከላቸው ነው። ሦስተኛው አንደኛውን ሊያጠፋው ይችላል። አራተኛው ደግሞ ሦስተኛውን ሊያባብሰው ይችላል። ዝርዝሩ ግን እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። በእኔ እምነት እንዲህ ያለውን ኖት እንዳለ ማጥናት ኢኮኖሚክስ ማጥናት አይደለም። ኖቱ ወደ ፅንሰ ሐሳብ ካርታ መቀየር አለበት።

ካርታውን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆች) ያዳበሩት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ልጆች ሳይንስን እንዴት እንደሚረዱ ሲያጠኑ ነው የደረሱበት። ሳጥን ውስጥ ፅንሰ ሐሳብ ይጻፋል፣ ቀስቱ ላይ ግስ ይጻፋል። ሳጥን፣ ቀስት፣ ሳጥን ብለን ስናነብ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መውጣት አለበት። ከመሃል ርዕስ ጽፎ ዙሪያውን ጨረር መሳል ሌላ ነገር ነው። ለነገሩ እሱ ያው ዝርዝሩ ነው፣ ክብ ሆኖ የተጻፈ።

እስቲ አንድ እንሥራ። ጉዳዩ ሁላችንም የምናውቀው ይሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት ባንክ ውስጥ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በጥብቅ ከተነጋገርን ይህ በመንግሥት ውሳኔ የተተመነ ዲቫሉዌሽን ሳይሆን በገበያ የመጣ መዳከም ነው። ለካርታችን ግን ቀስቶቹ ያው ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄ ይጻፋል፦ «ብር ሲዳከም ከቡና የሚገኘው ዶላር በምን መንገድ ይለወጣል?» ጥያቄ የሌለው ካርታ ማቆሚያ የለውም፣ ሁሉንም ነገር ልጨምር ያሰኛል። ቀጥሎ ከኖቱ ላይ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ፅንሰ ሐሳብ ይለቀማል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ከፍና ዝቅ ማለት የሚችል ነገር ብቻ ነው። «የምንዛሪ ፖሊሲ» ከፍ ዝቅ አይልም። «ምንዛሪ» ብቻ ብለን ብንጽፍም ጨመረ ስንል የትኛው እንደጨመረ ያደናግራል። ስለዚህ «የ1 ዶላር ዋጋ በብር» ብለን እንጽፋለን። አሁን መጨመር ምን ማለት እንደሆነ አያጠራጥርም።

ከዚህ ሳጥን ወደ «የቡና ወጪ ንግድ» ቀስት እንሳል። ላዩ ላይ ምን ግስ እንጻፍ? ኖቱ «ዕቃችን ለውጭ ገዢ ይረክሳል፣ ስለዚህ ብዙ ይገዛናል» ይላል። ቡና ላይ ይህ አይሠራም። የቡናችን የዶላር ዋጋ በአብዛኛው የኒውዮርክን ገበያ ተከትሎ ነው የሚወሰነው። ብር ቢዳከም የውጭው ገዢ ያንኑ ዶላር ነው የሚከፍለው። የሚለወጠው ላኪው እጅ የሚገባው ብር ነው። ስለዚህ ቀጥታ ቀስቱ ይሰረዝና መሃል ላይ ሁለት ሳጥን ይገባል፦ «ላኪው በብር የሚያገኘው ገቢ» እና «ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ»።

ከገበሬው ዋጋ ደግሞ ሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው ፈጣን ነው፦ የተሻለ ዋጋ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረውን ቡና ወደ ሕጋዊው መስመር ይስባል። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው፦ ገበሬው አዲስ ችግኝ ይተክላል። የቡና ችግኝ ደግሞ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቀስት ላይ «ወራት» ወይም «ዓመታት» ብሎ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን የሚሆን ይመስላል።

አሁን ወደ ሦስተኛው መስመር እንምጣ፣ ወደ ዋጋ ንረቱ። ነዳጅና ማዳበሪያ ከውጭ ነው የሚገቡት። ዶላር ሲወደድ በብር ይወደዳሉ። እነሱ ሲወደዱ የገበሬውና የላኪው ወጪ ይጨምራል። ይህ ቀስት ዞሮ የሚገባው የት ነው? ገበሬው እጅ ላይ በሚቀረው ትርፍ ላይ ነው፣ በመቀነስ ምልክት። ለስሌት እንዲመች አንድ ኪሎ ቡና በ5 ዶላር ተሸጠ እንበል። በ57 ብር ስንመታው 285 ብር ነው። ዶላር እጥፍ ሆኖ 114 ቢገባ 570 ብር ይሆናል። ነገር ግን ማዳበሪያውም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ትራንስፖርቱም፣ ጤፉም እጥፍ ከሆኑ ገበሬው የጨመረለት ነገር የለም። መጽሐፉ «እውነተኛ የምንዛሪ ተመን» የሚለው ነገር ይኸው ነው። ሃንድአውቱ ውስጥ ሌላ ምዕራፍ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ይገኛል። ካርታው ላይ ግን በአንደኛውና በሦስተኛው መስመር መካከል የጎደለው ሳጥን እሱ ነበር።

አራተኛውም እንዲሁ ነው። ዶላር ሲወደድ መንግሥት የውጭ ዕዳውን ለመክፈል ብዙ ብር ይፈልጋል። የበጀት ጉድለቱ ይሰፋል። ጉድለቱ ከብሔራዊ ባንክ በመበደር ከተሸፈነ ገንዘብ ይበዛል፣ ዋጋ ይንራል። ያ ቀስት ተመልሶ ቅድም ወዳየነው የዋጋ ንረት ሳጥን ይገባል። ልብ በሉ፣ «ከተሸፈነ» ብያለሁ። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ባይበደር ቀስቱ ይቋረጣል። እንዲህ ያለውን ሁኔታ ቀስቱ ላይ መጻፍ ግድ ነው።

ካርታው መበላሸቱ የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው። ሁሉም ቀስት ከአንድ ሳጥን ከወጣና እርስ በርስ የሚገናኝ ነገር ከሌለ፣ ዝርዝሩ ነው ልብሱን ቀይሮ የመጣው። ቀስቶቹ ላይ «ይነካል» ወይም «ይገናኛል» የሚል ግስ ከበዛ፣ ጸሐፊው በምን በኩል እንደሚነካ ገና አላወቀም። ሦስተኛው ረቂቅ ነው፦ የሒሳብ እኩልነትን እንደ ምክንያት መሳል። የአገር ምርት ሲሰላ የገቢ ንግድ ይቀነሳል። ያንን አይቶ «የገቢ ንግድ ምርትን ይቀንሳል» የሚል ቀስት የሚስል ብዙ ነው። የሚቀነሰው ግን ፍጆታ፣ ኢንቨስትመንት፣ የመንግሥት ወጪና የወጪ ንግድ ውስጥ ቀድሞ ስለተቆጠረ ብቻ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ልብስ የሚሰፋበት ጨርቅ ከውጭ ቢገባ ምርትን ማሳደጉ አይቀርም።

ካርታው መጠን አይነግረንም። የገበሬው ትርፍ በመጨረሻ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ለሚለው የመደመርና የመቀነስ ቀስቶቹ ሲጋጩ ዝም ይላል። እዚያ ላይ ቁጥርና ሞዴል ያስፈልጋል። ትርጉም ብቻ ለሚጠይቅ ምዕራፍም ልፋቱ አያዋጣም፣ ዝርዝሩ ይበቃል።

ተማሪው ይህን ሁሉ የማይሠራው ሰንፎ አይደለም። ፈተናው «አምስት ውጤቶችን ዘርዝር» ካለ መዘርዘሩ ብልህነት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለመምህራን ነው። ኖቫክና ባልደረባቸው ባወጡት የማረሚያ ዘዴ አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር 1 ነጥብ ያገኛል። ሁለት የተራራቁ የካርታውን ክፍሎች የሚያገናኝ፣ ትክክልና ትርጉም ያለው ቀስት ግን 10 ነጥብ ያስገኛል። በዚህ ዘዴ ካረምን አምስቱን መስመር ብቻ የጻፈ ተማሪ 5 ነጥብ አለው። ከማዳበሪያ ዋጋ ወደ ገበሬው ትርፍ የሚሄደውን አንድ ቀስት የሳለው ደግሞ በዚያች ብቻ እጥፍ ያገኛል።