የታማሚ ዕንባ የቪዲዮ መክፈቻ ሲሆን

«ካላስለቀሰ ማንም አይረዳም። ሰው እጁ ወደ ኪሱ የሚገባው ዓይኑ ሲረጥብ ነው።» በሐዋሳ ለታመሙ ሰዎች የእርዳታ ጥሪ ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ወጣት በቅርቡ የነገረኝ ነው።

ይህን ያለኝ ወጣት ክፉ ሰው አይደለም። ለባጃጁ ከኪሱ እየከፈለ፣ ስልኩንና ልብስ ላይ የምትሰካዋን ትንሽ ማይክራፎን ይዞ የታማሚ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ለድካሙም የሚቀበለው ነገር የለም። ስለዚህ ለእርሱ የሚሰጠው መልስ ከተግሣጽ ይልቅ በሥራው ውስጥ፣ በሚጠይቀው ጥያቄ፣ በሚቆርጠው ምስልና ከሥር በሚያስገባው ሙዚቃ ላይ ቢሆን ይሻላል። የእርዳታ ጥሪ ከሚቀረጽላቸው መካከል የኩላሊት ታማሚዎች በየጊዜው የምናያቸው ስለሆኑ እኔም ከዚያ አልወጣም።

ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎች የሚደረግላቸው እጥበት በሽታውን አያድንም፤ ኩላሊቱ ይሠራው የነበረውን ደምን የማጣራት ሥራ ማሽን ተክቶ እንዲሠራ ነው የሚያደርገው። በመደበኛው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለአራት ሰዓት ያህል ይካሄዳል። ይህም በወር አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ጊዜ ማለት ሲሆን፣ ንቅለ ተከላ ካልተደረገ በስተቀር ማብቂያ የለውም። ንቅለ ተከላው ደግሞ በአገራችን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲሰጥ ቢቆይም፣ ኩላሊቱን የሚለግስና በምርመራ የሚስማማ ሰው መገኘት አለበት። የታማሚው ችግር እንግዲህ ዛሬ ተከፍሎ ነገ የሚዘጋ ሒሳብ አይደለም። ዕንባን መነሻ ያደረገ ቪዲዮ ግን ሁልጊዜ የሚናገረው ዛሬ ካልተደረሰለት ነገ ስለሚሞት ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት እንዳስተካክለው የተሰጠኝ አንድ ቪዲዮ ነበር፤ ታማሚዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ልናገር። ከይርጋለም አካባቢ ለእጥበት ወደ ሐዋሳ የሚመላለሱ፣ ከመታመማቸው በፊት ገበያ ላይ ቡና ይሸጡ የነበሩ እናት ናቸው። ቪዲዮው ሰባ ሰከንድ ያህል ሲሆን የሚጀምረው በልጃቸው የሚያለቅስ ፊት ነው። ቀጥሎ ማያ ገጹ ይጨልምና «እናቴ እንዳትሞትብኝ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ዋሽንት ይገባል፤ ምስሉ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከዚያም ከካሜራው ጀርባ «እርስዎ ቢሞቱ እነዚህን ልጆች ማን ያሳድጋቸዋል?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። እናትየው መልስ ሳይሰጡ ያለቅሳሉ፤ ካሜራውም ይጠጋቸዋል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ብቅ ብሎ፣ ሰው ጽፎ ሳይጨርሰው ይጠፋል። ሕመማቸው ምን እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚታከሙ፣ አንዱ እጥበት ስንት እንደሚያስከፍላቸው፣ ገንዘቡን ማን እንደሚቀበል ሰባውን ሰከንድ ሙሉ የተናገረ የለም።

ያልተቆረጠውን ቀረጻ ከመጀመሪያው ሳየው ካሜራው በተጠጋ ቁጥር እናትየው አንድ ነገር ሲያደርጉ አስተዋልሁ። ቀኝ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ይሰዱና ነጠላቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ለእጥበት የገባላቸው ቱቦ የሚታየው እዚያ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ አደረጉ፤ በሁለተኛው ጊዜ ቀራጩ «ትንሽ ዝቅ ያድርጉት፣ እንዲታይ ነው» ሲላቸው ታዘዙት። በቪዲዮው ውስጥ የገባው ያ የታዘዙበት ምስል ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው፣ ያውም ሊረዳው የመጣን እንግዳ፣ «አትቅረጸኝ» ብሎ በአፉ አይመልስም። እምቢታው በእጁ፣ በነጠላው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው በማዞሩ ነው የሚታየው፤ ይህን ያላየ ቀራጭ ካሜራ ባይዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር ትርጉሙ ነው። እናትየው የሚናገሩት በሲዳሙ አፎ ሲሆን ከሥር የተጻፈው አማርኛ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ፣ «ከእጥበት በተመለስሁበት ቀን ድካሙ አያስነሣኝም፣ በማግሥቱ ግን እሻላለሁ» የሚለው ንግግራቸው «ቀኔ ደርሷል፣ ልሞት ነው» ተብሎ ተጽፎ አገኘው። በማግሥቱ እንደሚሻላቸው የተናገሩት ነገር ከነጭራሹ ወጥቷል። የተናጋሪን ቃል አክፍቶ መጻፍ ውሸት ነው። ከዚያም በላይ የሴትየዋ ዘመዶች ቋንቋውን ይሰማሉ፤ ሰፈሩም ይሰማል፤ «እንዲህ ብላ ለመነች» የሚለው ሐሜት የሚወድቀው በጻፈው ሰው ላይ ሳይሆን በእርሳቸው ላይ ነው።

ልጁን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስለ እናቱ ሞት ተጠይቆ እንዲያለቅስ የተደረገ ሕፃን ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ቪዲዮውም ከክፍል ጓደኞቹ ስልክ ውስጥ ይጠብቀዋል። ከማስተካከያው ሙሉ በሙሉ አወጣሁት።

የቀረውን እንደገና ስንቀርጽ ጥያቄውን ለወጥነው። «ቢሞቱ» የሚለው ቀርቶ «ከመታመምዎ በፊት ውሎዎ እንዴት ነበር?» ብለን ጀመርን። እናትየው ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ገበያ ቀን፣ ስለ አንድ ተከራካሪ ደንበኛቸው አወሩ፤ አንድ ጊዜም ሳቁ። ቀጥሎ የእጥበት ቀናቸውን አስረዱ፦ ሌሊት ተነሥተው መኪና እንደሚጠብቁ፣ አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ እንደሚቆዩ፣ የሚጠጡት ውኃ ሳይቀር ተለክቶ እንደሚሰጣቸው። ካሜራው ከወገብ በላይ የሚያሳይ ርቀት ላይ በማስቀመጫው ቆመ፤ ነጠላውም እርሳቸው በፈለጉት ቦታ ቀረ። ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ተቋረጠ፤ ጥቂት አለቀሱም። ይህን አልቆረጥነውም፤ አልተጠጋነውምም። ዕንባው በራሱ የመጣ ስለሆነ እንዳለ አልፎ፣ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ተከትሎት ሄደ። በፊተኛው ቪዲዮ ንግግሩ ዕንባው ላይ ተቆርጦ ስለነበር ተመልካቹ የሚያውቀው ማልቀሳቸውን ብቻ ነበር።

ዋሽንቱን አጠፋነው። እርግጥ ነው፣ ሙዚቃ በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ስለ ሕመሙ በሚናገርበት ሰዓት ከሥር የሚገባ ዜማ ተመልካቹ ቃሉን ሰምቶ ሳይጨርስ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ያዝዘዋል። ማንም ሠሪ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ፦ ሙዚቃውን አጥፍቶ፣ የሚያለቅሰውን ምስል ሸፍኖ ቪዲዮውን ይየው። የቀረው ነገር የሰውየውን ችግር፣ የሚያስፈልገውን መጠንና ገንዘቡ የሚገባበትን ቦታ ካላስረዳ፣ ቪዲዮው የታማሚው ጉዳይ ገና አልገባበትም። በእኛ ማስተካከያ የአንድ እጥበት ዋጋ በደረሰኙ መሠረት በጽሑፍ ወጣ፤ የሒሳቡ ባለቤት ከታማሚዋ ጋር ያለው ዝምድና ተነገረ፤ ቁጥሩም አሥር ሰከንድ ያህል ቆየ። «የአንድ ቀን እጥበት የሚሸፍን» የሚለው ጥሪ «ሕይወት አድኑ» የሚለውን ተካው፤ ምክንያቱም በየወሩ አንድ ቀን የሚሸፍኑ ጥቂት ሰዎች ለእኚህ እናት አንድ ሳምንት አዝኖ ከሚረሳ ብዙ ሕዝብ ይልቅ ይጠቅሟቸዋል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ በታማሚው አልጋ አጠገብ፣ ሕክምና የሚሰጠው ባለሙያ ቆሞ፣ የእርዳታ ተስፋ ተዘርግቶ የሚገኝ «እሺ» ሚዛኑ ቀላል ነው። ካሜራው ከመውጣቱ በፊት በራሳቸው ቋንቋ ማን ሊያየው እንደሚችል ይነገራቸው፤ አማቾቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የልጆቻቸው መምህራን እንደሚያዩት፣ ቴሌግራም ላይ የተሠራጨ ነገር ደግሞ ተመልሶ እንደማይሰበሰብ ሳይደበቅ። ሥራው ሲያልቅም ከመለቀቁ በፊት ስልኩን ይዘው ይዩትና እንደገና ይጠየቁ። እኚህ እናት ሲያዩት የመንደራቸው ስም እንዲወጣ ጠየቁን፤ ወጣ። የእጥበት ክፍል ውስጥ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ የተቋሙን ፈቃድ ከማግኘቱ በተጨማሪ በአጠገቡ ያሉት ታማሚዎች ፊትና ከአልጋው ራስ የተሰቀለ ካርድ ወደ ምስሉ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ጋር መድቦታል።

ስለ ተመልካቹም አንድ ነገር አለ። ወደ ፊልም ቤት የሚገባ ሰው ምን ሊያይ እንደሆነ አውቆ ይገባል፤ አጭር ቪዲዮ ግን ሳይጠራ ነው ስልክ ላይ የሚመጣው። ከእናቱ ቀብር የተመለሰ ሰው፣ ወይም ራሱ እጥበት ላይ ያለ ሰው፣ ከአንድ ቀልድ በኋላ የሚያለቅስ ሕፃን ፊት ለፊቱ ይወድቅበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ጉዳዩን በግልጽ ቢናገሩ ማየት የማይችለው ሰው ያልፋል፤ የሚረዳውም አውቆ ይቆያል። «እናቱን የሚወድ ሳያጋራ አይለፍ»፣ «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ» የሚሉት ግን እርዳታ መጠየቅ መሆናቸው ቀርቶ ያለፈውን ሁሉ ጥፋተኛ የሚያደርጉ ናቸው፤ ይህን የሚጽፍ ሰው የታማሚውን ጉዳይ ለራሱ ተከታይ ማብዣ እያዋለው እንዳይሆን ራሱን ይጠይቅ።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ የተመልካቹ ቁጥር ቢቀንስስ?» ሊለኝ ይችላል። ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን አልክድም። እንዲህ የተሠራ ቪዲዮ አንዳንድ ጊዜ በብዙ ሺህ ሰው መካከል ሳይሠራጭ ይቀራል፤ ገንዘቡም በአንድ ሌሊት አይጎርፍም። ነገር ግን የተመልካች ቁጥር የሚገባው ለገጹ ባለቤት ሲሆን፣ ነጠላው ዝቅ ብሎ የታየው አንገት የእናትየው ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ካሰብን፣ ጉድለቱን በሌላ መንገድ፣ በዕድር፣ በሰንበቴና በሥራ ባልደረቦች በኩል ቪዲዮውን በማድረስ መሙላት ይቻላል፤ እነዚህ የሚሰጡት ደግሞ ሰውየውን ስለሚያውቁት ነው።

ታማሚው ካረፈ የሚደረገውም ከመጀመሪያው ቀን ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር የሚገባው ጉዳይ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው፤ ራቅ ያለው ዘመድ በንጋት፣ ሽማግሌና ጎረቤት ከብቦት ይረዳል እንጂ ብቻውን ሳለ አይነገረውም። ቪዲዮውን የሠራው ገጽ ግን በዚያው ሰዓት ፎቶና ሻማ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ሲል፣ ሐዋሳ ካለው ድንኳን በፊት ዱባይ ያለችው እኅት ሥራ ቦታዋ ላይ ቆማ ትሰማለች። ስለዚህ ቤተሰቡ «ተረድተዋል» እስኪል ድረስ ምንም አይለጠፍ፤ የሒሳብ ቁጥሩ ከቪዲዮው ላይና ከጽሑፉ ውስጥ በዚያው ቀን ይውጣ፤ የተረፈው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ሰው ስም ቀደም ብሎ፣ ታማሚው ራሱ በሕይወት እያለ ይታወቅ።